ከኩሽናው ማዶ ያለው መኝታ ቤት፦ ዋይፋይ በኮንዶሚኒየም ውስጥ

አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢለካ አሥር ሜትር ቢሞላ ነው። አንድ ተራ ራውተር ገላጣ ሜዳ ላይ ቢቀመጥ ደግሞ ሃምሳ ሜትር ርቆ የቆመ ስልክ ያለ ችግር ያገኘዋል። ያም ሆኖ ሳሎን ውስጥ ቪዲዮ ሳያቆራርጥ የሚያሳየው ዋይፋይ የኋላው መኝታ ቤት ሲደርስ ይጠፋል፤ ወይም ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ሳለ ምንም አይከፍትም። የቤተሰቡ የመጀመሪያ ግምት «ኔቱ ደካማ ነው» የሚል ነው። ቀጥሎ የሚመጣው የኢንተርኔት ጥቅሉን ማሳደግና በየወሩ ተጨማሪ ብር መክፈል ነው። በትንሽ ቤት ውስጥ ግን ችግሩ ብዙ ጊዜ ከውጭ የሚገባው መስመርም ርቀቱም አይደለም። ዋናው ነገር ሞገዱ ከራውተሩ ተነስቶ ስልኩ ጋ እስኪደርስ በምን ውስጥ እንደሚያልፍ ነው። በዚህ መንገድ ላይ ደግሞ ከኩሽና የከፋ ቦታ የለም።

ከሁሉ በፊት ሁለት ችግሮችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው የሲግናሉ መድከም ነው፤ ግድግዳ፣ ብረትና ውኃ ኃይሉን ይወስዱበታል። ሁለተኛው መረበሽ ነው፤ ሲግናሉ በቂ ኃይል ይዞ ቢደርስም ሌላ መሣሪያ በዚያው ሞገድ ላይ ስለሚጮህ ስልኩ ሊሰማው አይችልም። ስልክ ላይ የሚታዩት የዋይፋይ መስመሮች የሚናገሩት ስለ መጀመሪያው ብቻ ነው። ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ገጽ አልከፍት ያለው ሰው ግራ የሚጋባው ስለዚህ ነው። መፍትሔውም ይለያያል፤ ለአንዱ የሚሠራው ለሌላው ምንም አይፈይድም።

ከመድከሙ እንጀምር። የዋይፋይ ጥንካሬ የሚለካው ዲቢኤም በሚባል ቁጥር ነው፤ በነጻ የሚጫኑ የስልክ መተግበሪያዎች ያሳዩታል። ቁጥሩ ሁልጊዜ ከዜሮ በታች ነው። ራውተሩ አጠገብ -30 አካባቢ ይነበባል። እስከ -67 ድረስ የቪዲዮ ጥሪ ያለ ችግር ይሄዳል፣ ከ-75 በታች መቆራረጥ ይጀምራል፣ -85 ላይ ግንኙነቱ በአፍ ጢሙ ይደፋል። በሦስት ሲወርድ ኃይሉ በግማሽ፣ በአሥር ሲወርድ ወደ አንድ አሥረኛ ቀነሰ ማለት ነው። ይህን ስሌት የያዘ ሰው ቤቱን በሌላ ዓይን ማየት ይጀምራል።

አሁን አንድ ቤት እንውሰድ። መስመሩን የዘረጋው ባለሙያ ኬብሉን በመግቢያው በር በኩል አስገብቶ ራውተሩን እዚያው አጠገብ፣ ሳሎኑ ጥግ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አስቀምጦታል። ኩሽናው መሀል ላይ ነው፤ የኋላው መኝታ ቤት ከኩሽናው ማዶ። ሶፋ ላይ፣ ሦስት ሜትር ርቀት ላይ የተቀመጠ ስልክ በ2.4 ጊጋኸርዝ -40 ያነባል እንበል። መኝታ ቤቱ ስምንት ሜትር ይርቃል። በመካከል ምንም ባይኖር ይህ ርቀት የሚቀንሰው ዘጠኝ ያህል ብቻ ስለሆነ ስልኩ -49 ያነብ ነበር፤ ይህ በጣም ጥሩ ሲግናል ነው። ርቀቱን በከንቱ እንደምንወቅሰው እዚህ ላይ ይታያል።

ሞገዱ ግን መጀመሪያ የኩሽናውን የብሎኬት ግድግዳ ያገኛል። ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት ከነልስኑ በግምት ስድስት ይወስዳል፤ -55 ደረስን። ቀጥሎ በመንገዱ ላይ ኮለን ቢቆም፣ ድፍን ኮንክሪትና በውስጡ የታሰረው ፌሮ አንድ ላይ አሥራ አምስት ሊወስዱ ይችላሉ። አሁን -70 ነው። ሁለተኛው የብሎኬት ግድግዳ ስድስት ሲጨምርበት -76 ይሆናል። የመጀመሪያው -49 እና ይህ -76 የሚለያዩት በ27 ነው፤ በኃይል ሲታሰብ አምስት መቶ እጥፍ ገደማ ማለት ነው። ይህን ሁሉ የበላው ግድግዳና ኮለን እንጂ ሜትር አይደለም። እርግጥ ሞገድ በቀጥታ መስመር ብቻ አይሄድም፤ በክፍት በርና በኮሪደር ዞሮ፣ ከግድግዳ ተንጸባርቆም ይደርሳል። በዚህ ምክንያት የሚነበበው ቁጥር ከስሌቱ ሊሻል ይችላል። የመኝታ ቤቱን በር ከፍቶና ዘግቶ ማንበብ ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

አንግልም የራሱ ድርሻ አለው፤ ብዙ ሰው አያስበውም። ሃያ ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን ግድግዳ ሞገዱ ፊት ለፊት ቢወጋው ሃያ ሳንቲ ሜትር ነው የሚያልፈው። በጣም አግድሞ ከመታው ግን ያው ግድግዳ አርባ ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ይሆንበታል። ጥግ ላይ የተቀመጠ ራውተር ግድግዳዎቹን ሁሉ በአግድሞሽ ነው የሚያገኛቸው። በዚያ ላይ ከኃይሉ ብዙው ወደ ደረጃውና ወደ ጎረቤት ይሄዳል።

ወደ ኩሽናው ስንገባ ነገሩ ይከብዳል። ፍሪጅ ትልቅ የላሜራ ሳጥን ነው፤ ሞገድ ብረትን አያልፍምና ከጀርባው ጥላ ይፈጠራል። ምጣዱ፣ ምድጃውና የብረት መደርደሪያው የየራሳቸውን ትንንሽ ጥላ ይጨምራሉ። በእኛ ቤቶች ደግሞ ሌላ የማይጠረጠር ነገር አለ፦ ውኃ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ኩሽናው ወይም መታጠቢያ ቤቱ በጀሪካንና በበርሜል የተሞላ ነው። ፕላስቲኩ ምንም አያደርግም፤ በውስጡ ያለው ውኃ ግን የዋይፋይን ሞገድ ይመጥጣል። ግድግዳ ተደግፎ የቆመ ሙሉ በርሜል ከጀርባው ያለውን ግድግዳ የባሰ ያደርገዋል። ሲግናሉ አንዳንድ ቀን የሚሻልበት ቤት ካለ፣ በርሜሉ የጎደለበትን ቀን ማሰብ ከንቱ አይደለም።

5 ጊጋኸርዝስ? ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ግድግዳ ላይ ይሸነፋል። ክፍት ቦታ ላይ እንኳ ከ2.4 በስድስት ያህል ዝቅ ብሎ ነው የሚነበበው፤ ኮንክሪት ውስጥ ደግሞ የሚያጣው በግልጽ ይበልጣል። ከላይ ባየነው ቤት ሳሎን ውስጥ ምርጥ ነው፣ የኋላው መኝታ ቤት ግን ጭራሽ ላይደርስ ይችላል።

የደከመ ሲግናል ጉዳት በዚያ ክፍል ብቻ አያበቃም። ስልክ የሚያስተላልፍበት ኃይል አብዛኛውን ጊዜ ከራውተሩ ያነሰ ነው። ስለዚህ መኝታ ቤት ያለው ስልክ ራውተሩን እየሰማ፣ ራውተሩ ግን ስልኩን በግድ ነው የሚሰማው። ስልኩ አንድ ፎቶ ለመላክ ፍጥነቱን ዝቅ ያደርጋል፣ ደጋግሞም ይልካል። በአንድ ቻናል ላይ በአንድ ጊዜ የሚናገረው አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ይህ ስልክ አየሩን በያዘ ቁጥር ሳሎን ያለው ቴሌቪዥን ይጠብቃል። ከኋላ ክፍል ቪዲዮ የሚልክ አንድ ልጅ የቤቱን ሁሉ ኔት ሊያንቀራፍፍ ይችላል።

ወደ ሁለተኛው ችግር፣ ወደ መረበሹ እንሻገር። ማይክሮዌቭ ምግብ የሚያሞቀው 2.45 ጊጋኸርዝ አካባቢ ባለ ሞገድ ነው፤ ዋይፋይ ከሚጠቀምበት ከ2.4 ጊጋኸርዝ ሰፈር መሀል ማለት ነው። ራውተር የሚያስተላልፈው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ዋት አንድ አሥረኛ አካባቢ ሲሆን፣ ማይክሮዌቭ ውስጥ የሚመነጨው ከ700 እስከ 1000 ዋት ነው። ሣጥኑና በመስታወቱ ላይ ያለው ወንፊት ሁሉንም ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ይይዙታል። በበሩ ዙሪያ የሚያመልጠው ለጤና ከተቀመጠው ወሰን በታች ሆኖ እንኳ ለዋይፋይ ከባድ ጩኸት ነው። በሩ የላላ ወይም ጠርዙ በቅባት የቆሸሸ ከሆነ ይብሳል። የተለመደው ዓይነት ማይክሮዌቭ በእኛ የ50 ኸርዝ መብራት በየሴኮንዱ ሃምሳ ጊዜ እየበራ እየጠፋ ይጮሃል። በመካከል በሚገኘው ዕረፍት ጥቂት ዳታ ይሾልካል። ግንኙነቱ ሳይቆረጥ ቪዲዮው ብቻ የሚንቀራፈፈውም ስለዚህ ነው።

ምጣድ ግን በዚህ ወንጀል የለበትም። ምጣድ የሚያሞቀው በሽቦ ነው፤ የዋይፋይን ሞገድ አያመነጭም። በምጣድ ሰዓት ኔት የሚጠፋ ከሆነ መታየት ያለበት ቮልቴጁና ሶኬቱ ነው። 3500 ዋት የሚስብ ምጣድ 16 አምፔር ያህል ስለሚወስድ፣ በላላ ሶኬት ወይም በቀጭን ማከፋፈያ አብሮ የተሰካ ራውተር ጠፍቶ ሊነሳ ይችላል፤ መብራቶቹ እንደ አዲስ ሲበሩ ይታያል። ኢንተርኔቱ በመዳብ የስልክ መስመር የሚገባበት ቤት ደግሞ የብሌንደር ሞተር ወይም የፍሪጁ መነሳት መስመሩን ራሱን ሊረብሸው ይችላል። ያኔ የሚያመለክተው ራውተሩ ላይ DSL የሚለው መብራት ነው፤ ብልጭ ድርግም ካለ ጉዳዩ ከዋይፋይ ጋር አይገናኝም።

ታዲያ የትኛው እንደሆነ በምን ይታወቃል? መጀመሪያ ራውተሩ ሥር ቆሞ መሞከር ነው። እዚያም ቀርፋፋ ከሆነ ችግሩ ምናልባት ከሚገባው መስመር ስለሆነ ግድግዳውን መውቀስ ይቁም። እዚያ ጥሩ ከሆነ ላፕቶፕ ይዞ ወደ መኝታ ቤቱ መሄድና ራውተሩን በቀጥታ መጠየቅ ነው። ዊንዶውስ ላይ እንዲህ ይጻፋል፤ አድራሻው በራውተሩ ጀርባ ላይ ካለው ጋር ይመሳከር፦

```
ping -t 192.168.1.1
```

በደህና ሁኔታ መልሱ በጥቂት ሚሊ ሰከንድ ይመለሳል። ሁልጊዜ የሚዘገይና የሚጎድል ከሆነ፣ ዲቢኤሙም ዝቅተኛ ከሆነ፣ ነገሩ ጥላ ነው። ደህና እየሄደ ማይክሮዌቩ ሲከፈት ብቻ ወደ መቶዎች ከዘለለ ወይም Request timed out ካለ፣ ሲጠፋም ወዲያው ከተስተካከለ፣ ጩኸት ነው።

ለጩኸቱ መፍትሔው ቀላል ነው። ማይክሮዌቩ አጠገብ የሚሠራውን መሣሪያ ወደ 5 ጊጋኸርዝ ማዛወር ነው፤ እዚያ ማይክሮዌቭ አይደርስም። በ2.4 ብቻ ለሚሠራ መሣሪያ ቻናል 1 ብዙ ጊዜ ከ11 የተሻለ ነው፤ የማይክሮዌቩ ጩኸት ወደ ላይኛው በኩል ያደላልና። ሆኖም ኮንዶሚኒየም ውስጥ የጎረቤቶች ራውተሮችም ስላሉ ከ1፣ ከ6 እና ከ11 የትኛው እንደሚቀል በመተግበሪያው አይቶ መምረጥ ይሻላል።

ለጥላው ግን ራውተሩን ከማንቀሳቀስ የሚበልጥ የለም። በምሳሌአችን ቤት ራውተሩ ወደ ኮሪደሩ፣ ከሰው ራስ ከፍ ብሎ ቢሰቀል መኝታ ቤቱ አራት ሜትርና አንድ የብሎኬት ግድግዳ ብቻ ይቀረዋል። -76 የነበረው -49 አካባቢ ይሆናል፤ ፍሪጁም በርሜሉም ከመንገዱ ይወጣሉ። አንቴና ካለው ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ኃይሉን ወደ ጎን ነው የሚረጨው። ከቴሌቪዥን ጀርባ፣ ቁም ሣጥን ውስጥና መስታወት አጠገብ አይቀመጥ፤ የመስታወት ጀርባ በብረት የተቀባ ነው።

ሰው የሚፈራው ኬብሉን ነው፤ በፋይበሩ ላይም ፍርሃቱ ትክክል ነው። የፋይበር ክር በጠባብ ከታጠፈ ብርሃኑ ያመልጣል፣ ሊሰበርም ይችላል፤ እሱን የሚያንቀሳቅሰው ባለሙያ ነው። የፋይበሩ ሳጥንና ራውተሩ የተለያዩ ከሆኑ ግን ሳጥኑ ባለበት ይቆይና በመካከላቸው የኔትወርክ ኬብል በግድግዳው ጠርዝ ይዘርጋ። እስከ መቶ ሜትር ፍጥነቱ ምንም አይቀንስም፤ ለአንድ ኮንዶሚኒየም አሥር ሜትር ይበቃል። ሁለቱ አንድ ላይ የተሠሩ ከሆነ በዚያው ኬብል ሁለተኛ ራውተር ኮሪደሩ ላይ አክሴስ ፖይንት አድርጎ መትከል ይቻላል።

ሪፒተር የሚገዛ ሰው የሚሳሳተው ብዙ ጊዜ ቦታው ላይ ነው። ሲግናል በጠፋበት ክፍል ሲሰካ የሚደግመው ያንኑ የደከመ ሲግናል ነው። ግማሽ መንገድ ላይ፣ እሱ ራሱ -60 አካባቢ በሚያነብበት ቦታ መሰካት አለበት። በአንድ ሞገድ ብቻ የሚቀበልና የሚያስተላልፍ ከሆነ ደግሞ ፍጥነቱን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። መልእክት ለመላላክ ይበቃል፤ በኋላው መኝታ ቤት በቪዲዮ ለሚሰበሰብ ሰው ግን ኬብሉን መዘርጋት ይሻላል።