ክላምፑ የሚያነበው፣ ቆጣሪው የሚያስከፍለው

ቤት ውስጥ ሌላው ነገር ሁሉ ጠፍቶ ፍሪጁ ብቻ እየሠራ ነው እንበል። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ወደ ፍሪጁ በሚሄደው ሽቦ ላይ ክላምፕ ሲያጠልቅ 1.1 አምፔር ያነባል። መስመሩ 220 ቮልት ስለሆነ ሁለቱ ሲባዙ 242 ይመጣል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆምና «ፍሪጁ 242 ዋት ይበላል» ይላል። ግድግዳው ላይ ያለው ቆጣሪ ግን በዚያው ደቂቃ የሚቆጥረው 150 ዋት ያህል ብቻ ነው። ከክላምፑም ከቆጣሪውም የተበላሸ የለም፤ ሁለቱ የሚለኩት የተለያየ ነገር ነው። ወርኃዊ ሒሳቡን አስቀድሞ ማወቅ የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ ሊረዳው የሚገባው ይህን ልዩነት ነው።

ክላምፕ ሽቦ ሳይቆረጥና ሳይላጥ የሚለካ መሣሪያ ነው። ጅረት በሚያልፍበት ሽቦ ዙሪያ ማግኔታዊ ኃይል ይፈጠራል። የክላምፑ መንጋጋ ደግሞ ማግኔትን በቀላሉ ከሚያስተላልፍ ነገር የተሠራ ቀለበት ሲሆን፣ በላዩ ላይ ቀጭን ሽቦ ብዙ ጊዜ ተጠምጥሞበታል። ቤት ውስጥ ቋሚ መለኪያ ለመሥራት በሰፊው ከሚታወቁት አንዱ SCT-013-000 የሚባለው ነው። በእሱ ውስጥ ጥምጥሙ 2000 ያህል ዙር ስለሆነ በዋናው ሽቦ 100 አምፔር ሲያልፍ በቀጭኑ ሽቦ የሚወጣው 50 ሚሊ አምፔር ብቻ ነው። የእንጀራ ምጣድ 16 አምፔር ሲስብ ወደ መለኪያው የሚደርሰው 8 ሚሊ አምፔር ይሆናል። ይህች ጅረት በትንሽ ሬዚስተር ውስጥ አልፋ ወደ ቮልቴጅ ትለወጣለች፤ መሣሪያው የሚያነበውም ያንን ቮልቴጅ ነው። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ሽቦው ላይ ጅረት እያለፈ ሬዚስተሩ ከተነቀለ፣ መከላከያ በሌለው ክላምፕ ጫፍ ላይ አደገኛ ከፍተኛ ቮልቴጅ ሊፈጠር ይችላል።

ጀማሪዎችን በብዛት የሚያሳስተው የማጥለቂያው ቦታ ነው። ክላምፑ መያዝ ያለበት አንድ ሽቦ ብቻ፣ ፌዙን ወይም ኒውትራሉን ነው። የፍሪጁን ገመድ እንዳለ ቢይዙት መለኪያው ዜሮ ያሳያል፤ ምክንያቱም በፌዙ የሚሄደውና በኒውትራሉ የሚመለሰው ጅረት እኩል ስለሆነ የሁለቱ ማግኔታዊ ኃይል ይጣፋል። ስለዚህ ባለሙያዎች ፌዙ ለብቻው ተለይቶ የወጣበት አጭር ኤክስቴንሽን ሠርተው ይይዛሉ። የቤቱን ጠቅላላ ፍጆታ ለመለካት ግን ክላምፑ የሚጠልቀው ከቆጣሪው ወደ ዋናው ብሬከር በሚመጣው ሽቦ ላይ ነው። ያንን የብሬከር ሳጥን መክፈት የሠለጠነ ሰው ሥራ ነው፤ ዋናው ብሬከር ቢጠፋም እንኳ ከቆጣሪው የሚመጣው ሽቦ ኤሌክትሪክ እንዳለው ይቆያል።

የመንጋጋው አገጣጠምም ዋጋ አለው። በመሃሉ ጥቂት አቧራ ከገባ ወይም በደንብ ካልተዘጋ ንባቡ ይወርዳል። ለ100 አምፔር የተሠራ ክላምፕ በጣም ትንሽ ጅረት ሲገጥመው ደግሞ ቁጥሩ አይታመንም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የተለየውን ሽቦ በመንጋጋው ውስጥ አምስት ጊዜ አዙሮ ንባቡን ለአምስት ማካፈል።

አሁን ወደ ፍሪጁ እንመለስ። ወደ ቤት የሚገባው ኤሌክትሪክ አቅጣጫውን እየቀያየረ የሚፈስ ነው፤ አንድ ሙሉ ዑደት 20 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል፣ በአንድ ሰከንድም 50 ዑደት ይጠናቀቃል። ምጣድ ላይ ጅረቱ ቮልቴጁን እግር በእግር ይከተላል። ቮልቴጁ ሲጨምር ይጨምራል፣ ሲገለበጥ አብሮት ይገለበጣል፤ ስለዚህ ወደ ምጣዱ የገባው ጉልበት በሙሉ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። የፍሪጁ ሞተር ግን በውስጡ ጥምጥም ስላለ ጅረቱ ከቮልቴጁ ወደ ኋላ ይቀራል። በምሳሌያችን መዘግየቱ 3 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። በዚያች ቅጽበት ቮልቴጁ አቅጣጫውን ቀይሯል፣ ጅረቱ ግን ገና አልቀየረም። ያን ጊዜ ሞተሩ በማግኔቱ ውስጥ ይዞት የነበረውን ጉልበት ወደ መስመሩ መልሶ ይለቃል። ይህ በእያንዳንዱ ዑደት ሁለት ጊዜ ይደጋገማል።

ወደ ወፍጮ ቤት ሁለት ጆንያ ጤፍ የጫነ አህያ ከፊሉን ሳይፈጭ ይዞት ቢመለስ፣ ባለ ወፍጮው የሚያስከፍለው ለተፈጨው ብቻ ነው፤ አህያው ግን ሁሉንም ተሸክሟል። ክላምፑ የሚያየው የአህያውን ሸክም ነው። ቮልቴጅና አምፔር እንዲሁ ተባዝተው የሚገኘው ቁጥር «የሚታይ ኃይል» ይባላል፤ መለኪያውም ዋት ሳይሆን ቮልት አምፔር ነው። በትክክል ሥራ ላይ የዋለው ደግሞ «እውነተኛ ኃይል» ሲሆን የሚለካው በዋት ነው፤ የቤት ቆጣሪ የሚያስከፍለውም ለእሱ ነው። የሁለቱ ንጽጽር ፓወር ፋክተር ይባላል። ለዚህ ፍሪጅ 150 ለ242 ሲካፈል 0.62 ይሆናል። ለምጣድ ግን ወደ 1 በጣም የቀረበ ነው።

ልዩነቱ በወር ምን ያህል እንደሚሆን ማስላት ይቻላል። የፍሪጁ ሞተር በቀን በድምሩ 12 ሰዓት ቢሠራ በእውነተኛው ኃይል 1.8 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ በ30 ቀን ደግሞ 54 ኪሎ ዋት ሰዓት ይመጣል። በክላምፑ ቁጥር የሚያሰላ ሰው ግን 87 ላይ ይደርሳል። ቆጣሪው የማይቆጥረውን 33 ኪሎ ዋት ሰዓት ጨመረ ማለት ነው። ተቃራኒው ስሕተትም አለ፤ ሒሳቡ የበዛበት ሰው ጥፋቱን በፍሪጁ ላይ ጥሎ ትክክለኛውን በላተኛ ሳያገኝ ይቀራል።

ሞተር ብቻ አይደለም ይህን የሚያመጣው። ርካሽ ኤልኢዲ አምፖሎችና አንዳንድ የስልክ ቻርጀሮች ጅረት የሚስቡት ቮልቴጁ ጫፍ ላይ ሲደርስ፣ በአጭርና በሹል ምት ነው። ጅረቱ ወደ ኋላ ባይቀርም ቅርጹ ስለተበላሸ ሸክሙ ይበዛል። ባለ 9 ዋት አምፖል ፓወር ፋክተሩ 0.5 ከሆነ 18 ቮልት አምፔር ይስባል፤ አሥር አምፖል ያለው ቤት 90 ዋት እየተጠቀመ በክላምፑ 180 ይታያል። ለእንዲህ ያለ ሹል ጅረት «ትሩ አርኤምኤስ» ያልተጻፈበት ክላምፕ አምፔሩን እንኳ በትክክል አያነብም።

እውነተኛውን ኃይል ለማወቅ ምንም ሳይገዙ የሚሠራ ዘዴ አለ፤ እሱም የቆጣሪው መብራት ነው። በብዙ ዲጂታል ቆጣሪዎች ፊት ላይ ብልጭ የምትል ትንሽ ቀይ መብራት አለች፤ በአጠገቧ `1000 imp/kWh` ወይም ሌላ ቁጥር ተጽፏል። 1000 ከሆነ እያንዳንዱ ብልጭታ አንድ ዋት ሰዓት ማለት ነው። አንድ ሰዓት 3600 ሰከንድ ስለሆነ፣ 3600ን በሁለት ብልጭታዎች መካከል ባለው ሰከንድ ማካፈል ዋቱን ይሰጣል። የምሳሌያችን ፍሪጅ ብቻውን ሲሠራ መብራቷ በየ24 ሰከንዱ ትበራለች፤ 3600 ለ24 ሲካፈል 150። ባለ 3500 ዋት ምጣድ ሲበራ ደግሞ በየሰከንዱ ያህል ትበራለች። ቆጣሪው ላይ የተጻፈው 1600 ከሆነ ከ3600 ፋንታ 2250ን ማካፈል ነው። ስሌቱ እንዳይዛባ አሥር ብልጭታ ቆጥሮ ጠቅላላውን ሰከንድ ለአሥር ማካፈል ይሻላል፤ በመሃሉ የፍሪጁ ሞተር እንዳያቆምም በጆሮ መከታተል ያስፈልጋል።

ቋሚ መለኪያ የሚፈልግ ሰው ግን ከክላምፑ ጋር ቮልቴጁንም የሚያነብ መሣሪያ ያሻዋል። እንዲህ ያለው መሣሪያ በአንድ ዑደት ውስጥ ቮልቴጁንና ጅረቱን በአንድ ጊዜ ደጋግሞ ያነባል፤ በየቅጽበቱ ያባዛቸዋል፤ ከዚያ የብዜቶቹን አማካይ ይወስዳል። ጉልበት ወደ መስመሩ በሚመለስበት ቅጽበት ብዜቱ አሉታዊ ስለሚሆን ከድምሩ ይቀነሳል፤ የሚቀረው እውነተኛው ዋት ነው። ክላምፑ ላይ ያለው ቀስት ከተገለበጠ ሙሉው ንባብ አሉታዊ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ክላምፑን አዙሮ ማጥለቅ ይበቃል።

ቮልቴጁን «220 ነው» ብሎ ማሰብ ለምን እንደማይበቃ ምጣዱ ያሳያል። ብዙ ቤት በአንድ ጊዜ ሲጠቀም መስመሩ ወደ 195 ቢወርድ፣ በ220 ቮልት 3500 ዋት የሚስበው ምጣድ አሁን 14.1 አምፔር ይስባል፤ እውነተኛ ኃይሉም 2750 ዋት ገደማ ይሆናል። 14.1ን በ220 ያባዛ ሰው ግን 3100 ያገኛል። ምጣዱ ዘግይቶ የሚግለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ቮልቴጅ የሚያነበው መሣሪያም የራሱ ገደብ አለው። ክላምፑ ራሱ የጅረቱን ጊዜ በጥቂቱ ያዛባል። የመዛባቱ መጠን ከዑደቱ 360 ዲግሪ ሁለቱ ብቻ ቢሆን እንኳ ለምጣድ ከአንድ በመቶ አንድ አሥረኛ አይሞላም፤ ለፍሪጃችን ግን አራት በመቶ ያልፋል። ስለዚህ መሣሪያን በምጣድ ወይም በውኃ ማፍያ ብቻ ፈትኖ «ልክ ነው» ማለት አይበቃም። በፍሪጅም ፈትኖ ከቆጣሪው ብልጭታ ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል።

የሚታየው ኃይል ግን ከንቱ ቁጥር አይደለም። ሽቦውና ብሬከሩ የሚግሉት በሙሉው ጅረት ነው። ስታቢላይዘር፣ ጄኔሬተርና በየሠፈሩ ምሰሶ ላይ ያለው ትራንስፎርመር አቅማቸው በቮልት አምፔር የሚጻፈውም ለዚህ ነው። ለዚህ ፍሪጅ ስታቢላይዘር የሚገዛ ሰው 150 ዋትን አይቶ ከመረጠ ተሳስቷል፤ ቢያንስ 242ን መነሻ አድርጎ፣ ሞተሩ ሲነሣ ለአፍታ የሚስበውን ብዙ እጥፍ ጅረት ጨምሮ መምረጥ አለበት።

እንግዲህ መለኪያ ለመግዛት ሱቅ የገባ ሰው ሻጩን አንድ ነገር ይጠይቅ፤ መሣሪያው ከክላምፑ ሌላ ከፌዝና ከኒውትራል ጋር የሚገናኝ የቮልቴጅ መግቢያ አለው? ከሌለው፣ ስክሪኑ ላይ ዋት ተብሎ ቢጻፍም የሚያሳየው ግምት ነው።