የ967 አኃዝ ቁጥር ጅራት

3^2025 ተባዝቶ ቢጻፍ 967 አኃዞች ይኖሩታል። እኛ የምንፈልገው ግን የመጨረሻዎቹን ሁለት ብቻ ነው፤ ማለትም ለ100 ሲካፈል የሚተርፈውን።

ከ1 እስከ 100 ካሉት ቁጥሮች ከ1 በቀር ከ100 ጋር የጋራ አካፋይ የሌላቸው 40 ናቸው። 3 ከነሱ አንዱ ስለሆነ፣ ስዊዘርላንዳዊው ሊዮናርድ ኦይለር እንዳረጋገጠው፣ 3^40 ለ100 ሲካፈል 1 ይተርፋል። ስለዚህ ከ2025 ላይ 40ን ደጋግመን ብንቀንስ 25 ይቀራል፤ ሥራው ወደ 3^25 ወረደ ማለት ነው።

አሁን እያንዳንዱን ውጤት በራሱ እያባዛን የመጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች ብቻ እንይዛለን፦ 3^2 ላይ 9፣ 3^4 ላይ 81፣ 3^8 ላይ 61፣ 3^16 ላይ 21። 25 ደግሞ 16+8+1 ነው። 21 × 61 በ81 ያልቃል፤ 81 × 3 ደግሞ 243፣ ስለዚህ መልሱ 43።

በ2 ግን ይህን መንገድ አትሞክሩት፤ 2 ራሱ 100ን ስለሚያካፍል 2^40 የሚያልቀው በ01 ሳይሆን በ76 ነው።