ስምንት ትዕዛዝ ምን ያህል ይናገራል?

በፌስቡክ ማስታወቂያ እያሠራ የሚሸጥ ነጋዴ በየጊዜው የሚገጥመው ውሳኔ አለ፤ የቱን ማስታወቂያ ላቁም፣ በየቱ ላይ ገንዘብ ልጨምር? መልሱን የሚፈልገው ከሪፖርቱ ቁጥሮች ነው። ትዕዛዙ በጣት የሚቆጠር ሲሆን ግን እነዚያው ቁጥሮች በሌለ ልዩነት ያሳምኑታል። ጥሩ ማስታወቂያ ይዘጋል፣ ከሌሎቹ የማይሻለው ገንዘብ ይጨመርለታል፤ ነጋዴውም በማስረጃ የወሰነ ይመስለዋል።

አዲስ አበባ ውስጥ የቆዳ ቦርሳ የምትሸጥ አንዲት ነጋዴ እናስብ። ሁለት ማስታወቂያ አዘጋጅታለች። በአንደኛው ቦርሳው ብቻውን ይታያል፤ በሁለተኛው አንዲት ወጣት ትከሻዋ ላይ አንግታው ትሄዳለች። ለእያንዳንዳቸው 3,000 ብር መደበች። ገዢዎቿ የሚያዙት በስልክ ስለሆነ፣ ትዕዛዙ ከየትኛው እንደመጣ ለመለየት በሁለቱ ላይ የተለያየ ስልክ ቁጥር አስቀመጠች። ገንዘቡ ሲያልቅ ሁለቱም 120፣ 120 ክሊክ አግኝተዋል። የመጀመሪያው 2 ትዕዛዝ አመጣ፣ ሁለተኛው 6። በመጀመሪያው አንድ ቦርሳ ለመሸጥ 1,500 ብር ወጣ፣ በሁለተኛው 500 ብር። ነጋዴዋ ለአንድ ትዕዛዝ ከ1,000 ብር በላይ ከከፈለች ትከስራለች። እንግዲህ የመጀመሪያውን መዝጋት የለባትም?

ከመዝጋቷ በፊት ይህን ብትጠይቅ ይጠቅማታል፤ ሁለቱ ማስታወቂያዎች ፍጹም እኩል ቢሆኑ ኖሮ እንዲህ ያለ ውጤት ምን ያህል ጊዜ ይገጥማል? እኩል ከሆኑ እያንዳንዱ ገዢ ከአንዱ ወይም ከሌላው መምጣቱ ሳንቲም እንደመወርወር ነው። ሳንቲም 8 ጊዜ ሲወረወር ውጤቱ በ256 መንገድ ሊደረደር ይችላል። ከእነዚህ በ74ቱ አንደኛው ወገን 6 ወይም ከዚያ በላይ ያገኛል። ይህ ከመቶ 29 ገደማ ነው። ምንም ልዩነት የሌላቸውን ሁለት ማስታወቂያዎች ደጋግማ ብታወዳድር ከሦስት ወይም ከአራት ጊዜ አንዴ 6 ለ2 ወይም ከዚያ የሰፋ ልዩነት ታያለች ማለት ነው። ይህን ያህል በቀላሉ የሚገጥም ነገር አንዱ ማስታወቂያ ከሌላው ይሻላል ለማለት አይበቃም።

አሁን ደግሞ ሁለቱንም ሳትነካ ብታቆያቸውና ትዕዛዙ 18 ለ6 ቢሆንስ? ያው ሦስት እጥፍ ነው፤ የአንድ ትዕዛዝ ወጪም 1,500 እና 500 ብር እንደነበረ ነው። በእኩል ማስታወቂያዎች መካከል በአጋጣሚ ይህን ያህል ልዩነት የሚፈጠረው ግን ከመቶ 2 ጊዜ ያህል ብቻ ነው። አሁን በልበ ሙሉነት መወሰን ትችላለች። የአንድ ትዕዛዝ ወጪ የሚለው ቁጥር በሁለቱም ጊዜ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ፣ ከጀርባው ያለው የትዕዛዝ ብዛት ግን የሚታመንበትን ደረጃ ለወጠው።

ብዙዎችን የሚያሳስተው የክሊኩ ብዛት ነው። 240 ክሊክ በቂ መረጃ ይመስላል። ሽያጭን በተመለከተ ግን ክብደት ያለው ክሊኩ ሳይሆን ትዕዛዙ ነው፤ እሱም 8 ብቻ ነው። 6 ትዕዛዝ ያመጣው ማስታወቂያ ያው ወጪ በተደጋጋሚ ቢወጣበት በአማካይ የሚያመጣው ከ2 እስከ 13 ባለው መካከል የትም ሊሆን ይችላል። 2 ያመጣውም ከአንድ በታች እስከ 7 ሊደርስ ይችላል። ሁለቱ ርቀቶች በሰፊው ይደራረባሉ።

ምንም ትዕዛዝ ያልመጣ ጊዜስ? ከመቶ ክሊክ 2 ትዕዛዝ የማምጣት አቅም ያለው ማስታወቂያ በመጀመሪያዎቹ 60 ክሊኮች አንድም ሳያመጣ የመቅረት ዕድሉ ከመቶ 30 ያህል ነው። ስለዚህ በ60 ክሊክ ዜሮ አይቶ መዝጋት ጥሩውንም አብሮ መጣል ይሆናል። እዚህ ላይ በስታቲስቲክስ የታወቀ የሦስት ደንብ አለ፤ ዜሮ ውጤት ሲታይ 3ን ለሙከራው ብዛት ማካፈል ነው። በ150 ክሊክ ዜሮ ከሆነ፣ ትክክለኛው አቅም ከመቶ 2 አይበልጥም ብሎ መገመት ይቻላል። ወደ ገንዘብ ሲመለስ ደንቡ ለነጋዴ ይቀላል። ለአንድ ትዕዛዝ መክፈል የምትችለው 1,000 ብር ከሆነ፣ ያለ አንድ ትዕዛዝ 3,000 ብር እስኪወጣ ጠብቅ። አዋጭ የሆነ ማስታወቂያ እስከዚያ ድረስ ባዶ የሚሆንበት ዕድል ከመቶ 5 ያህል ብቻ ነው። ይህን ስሌት ከመተግበር በፊት ግን ማስታወቂያው ላይ ያለው ስልክ መሥራቱን፣ ሊንኩም መከፈቱን ማጣራት ያስፈልጋል። ዜሮ አንዳንዴ የገበያ ሳይሆን የብልሽት ምልክት ነው።

ማስታወቂያው በበዛ ቁጥር ስሕተቱ ይብሳል። ነጋዴዋ ለ10 ማስታወቂያ ለእያንዳንዳቸው 3,000 ብር መደበች እንበል፤ ሁሉም እኩል ናቸው፣ እያንዳንዳቸውም በአማካይ 4 ትዕዛዝ የማምጣት አቅም አላቸው። እንዲያም ሆኖ ከአሥሩ አንዱ 7 ወይም ከዚያ በላይ ማምጣቱ፣ ሌላው ደግሞ 1 ወይም ዜሮ ላይ መቅረቱ የተለመደ ነው። አንደኛ የወጣውን መርጣ በጀቱን ሁሉ ብትሰጠው በቀጣዩ ሳምንት ለእያንዳንዱ 3,000 ብር የሚያመጣው ወደ 4 ይወርድባታል። «ሰው ሰለቸው» ትል ይሆናል። ነገር ግን መጀመሪያውኑ ከፍ ያደረገው ዕድል ነበር።

ሌላው ወጥመድ በየቀኑ እያዩ፣ አንዱ ትንሽ ሲቀድም እዚያው ላይ ማቆም ነው። በጥቂት ትዕዛዝ ላይ መሪው በየቀኑ ሊቀያየር ይችላል፤ በመሪነት ሰዓቱ የቆመው አሸናፊ ይባላል። የፌስቡክ ባለቤት ሜታም ለራሱ ሥርዓት ተመሳሳይ ትዕግሥት ይጠይቃል። ማስታወቂያው የሚታይላቸውን ሰዎች ሥርዓቱ በደንብ ለመምረጥ በአንድ ሳምንት 50 ያህል ውጤት እንደሚያስፈልገው ኩባንያው ይገልጻል። ያን የማይደርስ ማስታወቂያ ስክሪን ላይ `Learning limited` የሚል ምልክት ሊወጣበት ይችላል። በመሃል በጀቱን ወይም ሥዕሉን ጉልህ በሆነ መንገድ መቀየር ደግሞ ቆጠራውን ከመጀመሪያ ያስጀምረዋል።

ታዲያ በ6 ለ2 ላይ ያለችው ነጋዴ ምን ታድርግ? በመጀመሪያ ሁለቱን ደምራ ትይ። በ6,000 ብር 8 ትዕዛዝ አግኝታለች፤ በአማካይ አንዱ 750 ብር ነው፣ ከገደቧ በታች ነው። ዘመቻው በጥቅሉ ደህና መሄዱን የሚጠቁመው ይህ ድምር ከሁለቱ ንጽጽር የተሻለ መሠረት አለው፤ ስለዚህ ሁለቱንም በያዙት በጀት ማስቀጠል ያዋጣታል። ቀጥሎ ከመጀመሯ በፊት መቼ እንደምትወስን ትጻፍ፤ ለምሳሌ የሁለቱ ትዕዛዝ በድምሩ 24 ሲደርስ። እስከዚያ የሚደውሉላትን ሰዎች ቁጥር ብትመዘግብ ጥሩ ነው፤ ደዋዮች ከገዢዎች ስለሚበዙ ልዩነት ቶሎ ያሳያሉ። ብዙ ያስደወለ ሁሉ ግን ብዙ አይሸጥም፤ ዋጋ ብቻ ጠይቀው የሚዘጉ ይኖራሉና። ስለዚህ የመጨረሻው ፍርድ ለትዕዛዙ ይቆይ።

ልዩነቱ በጣም ከሰፋ መጠበቁ አያስፈልግም። ከ8 ትዕዛዝ ስምንቱም ከአንዱ ቢመጡ፣ እኩል በሆኑ ማስታወቂያዎች ይህ ከመቶ አንድ ጊዜ እንኳ አይገጥምም። ትዕዛዙ 24 ደርሶ ሁለቱ አሁንም ቢቀራረቡ ደግሞ፣ ቢኖር እንኳ በዚህ በጀት የማይለይ ትንሽ ልዩነት ነው ማለት ነው። ያኔ የሚቀናትን ትምረጥና ቀሪውን ገንዘብ የቦርሳውን ዋጋ ወይም የማድረሻ ክፍያውን በመለወጥ ላይ ትሞክረው፤ ትልቅ ለውጥ በጥቂት ትዕዛዝም ቢሆን ጎልቶ ይታያል።