ሽቦው በቀላሉ ይጠፋል፣ ምሰሶው ያስቸግራል

ፒያሳ የተነሳ የአሮጌ ቤት ፎቶ እንውሰድ፤ የመብራት ሽቦ ሰማዩን አቋርጧል፣ ምሰሶ የሰገነቱን ፍርግርግ ከልሏል። እ.ኤ.አ. በ2010 ፎቶሾፕ ውስጥ የገባው Content-Aware Fill የመረጥነውን ቦታ ከዚያው ፎቶ በወሰዳቸው ቁራጮች ይሞላል። ሰማይ ላይ ያለው ሽቦ ስለዚህ ወዲያው ይጠፋል። ምሰሶው ላይ ግን የዛፍ ቅጠል ወይም የመኪና ጣሪያ አምጥቶ ሊለጥፍ ይችላል። ናሙና የሚወስድበት ክልል በአረንጓዴ ተቀብቶ ይታያል፤ ከግድግዳውና ከፍርግርጉ በቀር ያለውን አረንጓዴ በብሩሽ ማጥፋት ነው። ምርጫውም ከምሰሶው ጠርዝ ጥቂት ፒክስል ይስፋ፤ አለዚያ ቀጭን መስመር ይቀራል። ውጤቱን በአዲስ ሌየር አውጥተው፣ አጉልተው ይዩት፤ ሁለት ቦታ የሚታይ አንድ ዓይነት ስንጥቅ ወይም የተቆረጠ ፍርግርግ ካለ በClone Stamp በእጅ ይስተካከላል። አስፋልቱ ላይ የቀረውን የምሰሶውን ጥላ ብዙዎች ይረሱታል። የዜና ፎቶ ከሆነ ደግሞ ሽቦውም አይነካም።