የጉና ተራራ የሳይንስ የመስክ ትምህርት ዝግጅት፦ ለትምህርት ቤቶችና ለወላጆች የቀረበ ማብራሪያ

ከመካነ ኢየሱስ ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ የሚገኘው የጉና ተራራ ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። በአካባቢው የሚገኙ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችን ወደዚህ ተራራ ሲወስዱ ጉዞው ከሽርሽር እንዲለይ አስቀድሞ አንድ ግልጽ ጥያቄ ሊያዝ ይገባል። ለአብነት ያህል፣ «ከፍታ ሲጨምር የአየሩ ሙቀት በምን ያህል ይቀንሳል?» የሚለው ጥያቄ በአንድ ቀን ሊመለስ የሚችል ነው።

በጥቅሉ ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይቀንሳል። ይሁን እንጂ አንድ ቡድን ብቻውን እየወጣ ቢለካ ውጤቱ ሊያሳስት ይችላል። ቡድኑ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በተራራው ግርጌ 12 ዲግሪ፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት ደግሞ 500 ሜትር ከፍ ብሎ 14 ዲግሪ ቢመዘግብ፣ ከፍታ ሙቀትን የሚጨምር ይመስላል። ልዩነቱን ያመጣው ግን ሰዓቱ ነው። ስለሆነም ተማሪዎቹ በሁለት ቡድን ተከፍለው፣ አንዱ ከታች፣ ሌላው ከላይ ሆነው በተመሳሳይ ሰዓት መለካት አለባቸው። በዚህ ጊዜ ልዩነቱ ወደ 3 ዲግሪ የሚጠጋ ሊሆን ይችላል። ቴርሞሜትሩ ጥላ ሥር፣ ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ብሎ ይያዛል፤ ንባቡም ከአምስት ደቂቃ በኋላ ይመዘገባል። ከጉዞው በፊት ሁለቱ ቴርሞሜትሮች ጎን ለጎን ተቀምጠው ተመሳሳይ ንባብ መስጠታቸው ይረጋገጣል።

ለደኅንነት ሲባል መምህራን መንገዱን ቀድመው አይተው መመለሻውን ይወስናሉ። ወደ ጫፉ መውጣትም አስፈላጊ አይደለም። ዝናብና መብረቅ የሚበዛበት ክረምት ተመራጭ ስላልሆነ ጉዞው ከጥቅምት እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ቢካሄድ ይመረጣል። ሁለቱም ቡድኖች በየራሳቸው መምህራን ይመራሉ፤ ተማሪዎቹም ሲነሱ፣ በየማረፊያውና ሲመለሱ ይቆጠራሉ። ወላጆች የጽሑፍ ፈቃድ ሲሰጡ የልጁን የጤና ሁኔታ መግለጽ፣ ሙቀት የሚሰጥ ልብስና ውኃም ማስያዝ ይጠበቅባቸዋል። ራስ ምታት ወይም ማቅለሽለሽ የተሰማው ተማሪ እረፍት ተሰጥቶት ጉዞውን እንዲቀጥል ከማድረግ ይልቅ ከአዋቂ ጋር ወዲያውኑ ወደ ታች እንዲወርድ መደረግ አለበት።

ተማሪዎች አስታ፣ ጓሳና ጅብራን በየትኛው ከፍታ እንዳዩ ይመዘግባሉ፤ ነገር ግን አይነቅሉም። በተለይ ጅብራ ለብዙ ዓመታት አድጎ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ የሚደርቅ በመሆኑ፣ ከማበቡ በፊት የተነቀለ ተክል ዘር ሳይተው ይጠፋል።

ከጉዞው በኋላ ባለው ሳምንት ተማሪዎች የሁለቱን ቡድኖች ንባብ በሰንጠረዥ አስፍረው ልዩነቱን ያሰላሉ። ከዚያም በመካከለኛ ከፍታ ላይ ሊኖር የሚችለውን ሙቀት ይገምታሉ። ከተጠበቀው የራቀ ንባብ ካለም ሳይሰርዙ ምክንያቱን ይጽፋሉ፤ ፀሐይ ያረፈበት ቴርሞሜትር ወይም የሰዓት መዛነፍ ሊሆን ይችላል። መምህሩ የትምህርቱን ግብ መምታት የሚመዝነው ተማሪው «ሁለቱ ቡድኖች በተመሳሳይ ሰዓት የለኩት ለምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ በራሱ አነጋገር በሚሰጠው መልስ ነው።