ብራዚል ቡናዋን ለምን አቃጠለች?

በ1931 እ.ኤ.አ. የብራዚል መንግሥት የገዛ አገሩን ቡና እየገዛ ማጥፋት ጀመረ። ገሚሱ ተቃጠለ፣ ገሚሱ ባሕር ውስጥ ተደፋ። ዘመቻው እስከ 1944 ቀጥሎ 78 ሚሊዮን ያህል ባለ 60 ኪሎ ጆንያ ቡና ወደመ። ከዓለም አቀፉ የኢኮኖሚ ድቀት ጋር የቡና ዋጋ አሽቆልቁሎ፣ መጋዘኖች እስከ አፋቸው ሞልተው ነበር። ዋጋ የወደቀበት ሻጭ ብዙ ሸጦ ኪሳራውን ለማካካስ ይሯሯጣል እንጂ ዕቃውን በእሳት አይማግድም። የብራዚል ባለሥልጣናት ግን ሒሳቡን ያዩት ከሌላ በኩል ነበር፤ ያም ለቢዝነስ ኢኮኖሚክስ ፈተና የሚቀመጥ ተማሪ ሁሉ የሚያገኘው የፍላጎት የዋጋ ተለጣጭነት ወይም በክፍል ውስጥ በተለምዶ እንደሚባለው ኢላስቲሲቲ ነው።

ሐሳቡን በዚህ ስም ያስተዋወቀው እንግሊዛዊው አልፍሬድ ማርሻል ነው፤ ዋናው መጽሐፉ በ1890 ታትሟል። ጥያቄው ቀላል ነው፦ ዋጋ አንድ በመቶ ሲለወጥ ገዢዎች የሚፈልጉት መጠን በስንት በመቶ ይለወጣል? በመቶኛ የሚሰላው ያለምክንያት አይደለም። ቡና በኪሎ፣ ነዳጅ በሊትር፣ ጨርቅ በሜትር ይሸጣል፤ ሁሉንም ጎን ለጎን ማወዳደር የሚቻለው መለኪያዎቹ ሲጣፉ ነው። ዋጋ ሲወጣ መጠን ስለሚወርድ ውጤቱ ነጌቲቭ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ግን ምልክቱ ተትቶ ቁጥሩ ብቻ ይነበባል። ከ1 ከበለጠ ፍላጎቱ ተለጣጭ ነው፣ ከ1 ካነሰ ኢ-ተለጣጭ፣ ልክ 1 ከሆነ አሃዳዊ ይባላል።

ስሌቱን በአንድ ምናባዊ ካፌ እንሥራው። ማኪያቶ 40 ብር ሲሆን በቀን 120 ስኒ ይሸጣል፤ 50 ብር ሲሆን 100፤ 60 ብር ሲሆን 80። ከ40 ወደ 50 ሲወጣ ዋጋው በ25 በመቶ ጨመረ፣ ሽያጩ በ16.7 በመቶ ቀነሰ፤ ውጤቱ 0.67 ነው። አሁን በተመሳሳይ መንገድ ወደ ኋላ እንመለስ። ከ50 ወደ 40 ሲወርድ ዋጋው በ20 በመቶ ቀንሶ ሽያጩ በ20 በመቶ ጨመረ፤ ውጤቱ 1 ሆነ። በአንድ መንገድ ሁለት መልስ! ጥፋቱ የመነሻው ነው፤ 10 ብር ለ40 ሩብ ሲሆን ለ50 ግን አምስተኛ እጅ ነው። ስለዚህ ለውጡን ለመነሻው ሳይሆን ለሁለቱ ጫፎች አማካይ እናካፍላለን፦

E = (ΔQ ÷ አማካይ Q) ÷ (ΔP ÷ አማካይ P)

በ40 እና በ50 መካከል፣ 20 ለ110 ሲካፈል 18.2 በመቶ፣ 10 ለ45 ሲካፈል 22.2 በመቶ፤ E = 0.82። በ50 እና በ60 መካከል፣ 20 ለ90 ሲካፈል 22.2 በመቶ፣ 10 ለ55 ሲካፈል 18.2 በመቶ፤ E = 1.22። አሁን ከየትም ቢነሱ መልሱ አንድ ነው።

ብዙ ተማሪ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። በሁለቱም ደረጃ 10 ብር 20 ስኒ ቀንሷል፤ ፍላጎቱ ቀጥተኛ መስመር ነው፣ ተዳፋቱም አልተለወጠም። ተለጣጭነቱ ግን ከ0.82 ወደ 1.22 ዘሏል። ስለዚህ «የማኪያቶ ፍላጎት ተለጣጭ ነው ወይስ አይደለም?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ መልሱ «በየትኛው ዋጋ ላይ?» የሚል ነው። ተዳፋትንና ተለጣጭነትን አንድ አድርጎ የጻፈ ተማሪ ነጥቡን ያጣል።

ወደ ገቢው እንምጣ። ገቢ ማለት ዋጋ ሲባዛ በመጠን ነው፤ በ40 ብር 4,800፣ በ50 ብር 5,000፣ በ60 ብር ደግሞ ተመልሶ 4,800 ይሆናል። ዋጋ ሲጨመር ከቀሩት ጠጪዎች የሚገኘው ተጨማሪ ብርና ከሄዱት የሚታጣው ብር ይፎካከራሉ። ኢ-ተለጣጭ በሆነው ክፍል የሚገኘው ስለሚበልጥ ገቢው ከዋጋው ጋር ይወጣል፤ በተለጣጩ ክፍል የሚታጣው ይበልጣል። ተለጣጭነቱ 1 በሆነበት በ50 ብር ላይ ገቢው ጣሪያ ይነካል።

ብራዚል የተማመነችው በዚህ ነበር። ቡና የለመደ ሰው ዋጋው ስለተወደደ ብቻ ስኒውን አይተውም፤ የዓለም የቡና ፍላጎት በአጭር ጊዜ ኢ-ተለጣጭ ነው። ያኔ ገበያ የሚወጣው ቡና በጥቂቱ ሲቀነስ ዋጋው ከዚያ በበለጠ መቶኛ ይወጣል፣ ገቢም ያድጋል። አገሪቱ በዚያን ጊዜ የዓለምን ቡና አብዛኛውን ታመርት ስለነበር ዋጋውን የማንቀሳቀስ ጉልበት ነበራት።

ይህንኑ ዘዴ አንድ የጅማ ወይም የሲዳማ ገበሬ ቢሞክረው ይከስራል። እሸት ቡናውን ከቀኑ ዋጋ በላይ ልሽጥ ቢል ሰብሳቢው ወደ ጎረቤቱ ማሳ ይሻገራል፤ ግማሹን ቢያቃጥል የገበያው ዋጋ ንቅንቅ አይልም፣ ገቢው ብቻ በግማሽ ይወርዳል። ለእሱ ምርት ያለው ፍላጎት ፍጹም ተለጣጭ ለሚባለው በጣም የቀረበ ነው፤ ግራፉም አግድም መስመር ነው። ቡናው ያው ቡና ነው፣ የተለየው ሻጩ በገበያው ውስጥ ያለው ስፍራ ነው። «ቡና ኢ-ተለጣጭ ነው» ብሎ በደፈናው የሚያስተምር ማስታወሻ ይህንን ይሸፍነዋል። በሌላው ጫፍ ያለው ፍጹም ኢ-ተለጣጭ፣ ማለትም ዋጋ የቱንም ያህል ቢወጣ መጠኑ የማይነቃነቅበት፣ ቀጥ ብሎ በቆመ መስመር ይሣላል። ምሳሌው ብዙ ጊዜ ኢንሱሊን ነው፤ እሱም ቢሆን የገዢው አቅም እስከሚፈቅድበት ዋጋ ድረስ ብቻ ነው የሚሠራው።

የብራዚል ሒሳብ ያላካተተው ነገር ጊዜ ነው። ዋጋው ሲደገፍ የጠቀመው እሷን ብቻ አልነበረም፤ ኮሎምቢያና ሌሎች አምራቾችም ያንኑ ዋጋ እያዩ ተከሉ፣ ለገበያም አቀረቡ። ዓለም ለቡና ያለው ፍላጎት ኢ-ተለጣጭ ቢሆንም፣ ለብራዚል ቡና ያለው ፍላጎት ተተኪ በበዛ ቁጥር ይለጠጣል። ጊዜ ገዢውንም ይለውጣል፤ ነዳጅ ሲወደድ መኪናውን በማግሥቱ የሚሸጥ የለም፤ ከዓመታት በኋላ ግን ቤንዚን ቆጣቢ መኪና የሚገዛው ይበዛል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ፈተና ላይ «ገቢ» እና «ትርፍ» እየተደባለቁ ይመጣሉ። የካፌው ባለቤት ማኪያቶውን በ60 ብር እየሸጠ ነው እንበል። ፍላጎቱ እዚያ ላይ ተለጣጭ ስለሆነ ወደ 50 ቢያወርድ ገቢው ከ4,800 ወደ 5,000 ያድጋል። ግን 200 ብር ለመጨመር 20 ስኒ ተጨማሪ ማፍላት አለበት። ለአንድ ስኒ ወተት፣ ቡናና ስኳር 15 ብር ከወጣ፣ ወጪው በ300 ብር ይጨምራል። ገቢው አደገ፣ ባለቤቱ ግን በቀን 100 ብር አጣ። ከ40 ወደ 50 ቢያሳድግ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ገቢው በ200 ብር ይጨምራል፣ 20 ስኒ ባለማፍላቱ 300 ብር ይድናል፣ ትርፉ በ500 ብር ያድጋል። ስለዚህ ዋጋው ኢ-ተለጣጭ ክፍል ውስጥ ያለ ሻጭ ከዚያ ክፍል ሳይወጣ ዋጋ ቢጨምር ትርፉ ሁልጊዜ ያድጋል፤ በተለጣጩ ክፍል ያለው ግን ዋጋ ከማውረዱ በፊት የአንድ ስኒ ወጪው ስንት እንደሆነ ማወቅ አለበት።