ያላዘዙት ጥቅል ሲመጣ ለኩሪየር ድርጅት ምን ይጻፋል?

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020 በመላው አሜሪካ ብዙ ሰዎች ያላዘዙት ጥቅል በፖስታ ደረሳቸው። አንዳንዱ ላይ «ጌጣጌጥ» የሚል ተጽፎበት ሲከፈት ግን የወጣው የዕፅዋት ዘር ነበር። የአገሪቱ ግብርና ሚኒስቴር ዘሩን እንዳይተክሉት፣ በላዩ የተለጠፈውን የአድራሻ ወረቀትም እንዳይጥሉት አሳሰበ። ሚኒስቴሩ የጠረጠረው ነጋዴዎች በሰው ስም ዕቃ እየላኩ ለሱቃቸው የሐሰት የገዢ አስተያየት የሚጽፉበትን ማጭበርበር ነበር።

ወረቀቱ እንዲቀመጥ የተፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም። የጥቅሉን መነሻ ለማወቅ የሚያስችለው ዋናው ማስረጃ በእሱ ላይ ያለው የመከታተያ ቁጥር ነው።

RR473124829GB የሚለውን እንይ። በዓለም አቀፉ የፖስታ ኅብረት ደንብ መሠረት እንዲህ ያለው ቁጥር 13 ፊደላትና አኃዞች አሉት። በ R የሚጀምረው የአደራ ደብዳቤ ነው፣ በ E የሚጀምረው ፈጣን መልእክት፣ በ C የሚጀምረው ደግሞ ጥቅል ዕቃ። መጨረሻ ላይ ያለው GB ቁጥሩን የሰጠው የብሪታንያ ፖስታ መሆኑን ይናገራል። ከአገሩ ምልክት በፊት ያለው 9 መቆጣጠሪያ ነው። ስምንቱን አኃዞች በቅደም ተከተል በ8፣ 6፣ 4፣ 2፣ 3፣ 5፣ 9 እና 7 አባዝተን ስንደምር 200 ይመጣል፤ ለ11 ሲካፈል 2 ይተርፋል፤ ከ11 ላይ 2 ሲቀነስ 9 ይሆናል። ሒሳቡ ካልገጠመ ቁጥሩ ሲገለበጥ ተሳስቷል፣ ወይም ከነጭራሹ የፈጠራ ነው።

ይሁንና የአገሩ ምልክት የላኪውን መኖሪያ አያረጋግጥም። በአንድ አገር ያለ ነጋዴ ዕቃውን በሌላ አገር ፖስታ በኩል ሊልክ ይችላል። ከዚህ የባሰ የሚያደናግረው ደግሞ ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የመጨረሻው አድራሽ የራሱን አዲስ ቁጥር ሲለጥፍበት ነው። ተቀባዩ የማያውቀው ቁጥር ብዙ ጊዜ ይኸኛው ነው፤ ስለዚህ ደብዳቤው በመጀመሪያ የቀድሞውን ቁጥር መጠየቅ አለበት። አጭርና ግልጽ ቢሆን ይበቃል፦

«ከላይ ቁጥሩ የተጠቀሰው ጥቅል በስሜ ደርሶኛል፤ አላዘዝኩትም፣ ላኪውንም አላውቅም። ቁጥሩ የድርጅታችሁ ነው? ጥቅሉን ከማን፣ የትና መቼ ተረከባችሁ? ከዚያ በፊት የነበረው ቁጥር ስንት ነው? ላኪው ይዘቱን ምን ብሎ አስመዘገበ? አልቀበልም ብል ክፍያ እጠየቃለሁ? የወረቀቱን ፎቶ አያይዣለሁ።»

ድርጅቱ የላኪውን ሙሉ አድራሻ የግል መረጃ ነው ብሎ ሊከለክል ይችላል። የተረከበበትን ቦታና ቀን፣ ዕቃውን ያስረከበውንም ድርጅት ግን ብዙ ጊዜ ሊናገር ይችላል፤ አጥብቆ መጠየቅ የሚገባውም ይህን ነው። ዕቃው በዓለም አቀፍ ፖስታ የመጣ ከሆነ ጥያቄው ከተላከበት ማግስት ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ መቅረብ ስላለበት ደብዳቤው አይዘግይ። በስልክ መልእክት የመጣ ማስፈንጠሪያ ተጭኖ መክፈል ወይም የመታወቂያ ቅጂ መላክም አያስፈልግም። አድራሻውን ከድርጅቱ ቢሮ ወስዳችሁ ጻፉ፣ መልሱ እስኪመጣም መጠቅለያውን አትጣሉ።